17 ነጥብ አምጥቶ «እንጃ» የተባለው ተማሪ

ፈታኝ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ይህቺ ነገር ሳትገጥመው አትቀርም። ተማሪው ይገባል፣ የሚጠየቀውን ይጠይቃል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ይወጣል። ወረቀትህን ስታይ ሳጥኖቹ ከሞላ ጎደል ተሞልተዋል። ሆድህ ግን «አባቴ ቢታመም በዚህ ልጅ እጅ እንዲገባ አልፈልግም» ይልሃል። ቀጥላ የገባችው ደግሞ ሲሶውን ሳጥን ባዶ ትታብህ ትወጣለች፣ አንተ ግን በሩ ሲዘጋ «ይቺስ ሐኪም ናት» ትላለህ።

የቱን ትመን? ወረቀቱን ወይስ ሆድህን?

የክሊኒክ ክህሎት ፈተና መልሱ «ሁለቱንም ጻፍ፣ ግን አትቀላቅላቸው» የሚል ነው። ቼክሊስቱ ተማሪው ምን ምን እንዳደረገ ይመዘግባል። አጠቃላይ ግምገማው፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 የምትሰጣት አንዷ ቁጥር፣ ሥራውን በጥቅሉ እንዴት እንዳየኸው ይመዘግባል። ብዙ ሰው ሁለቱ ተደምረው የተማሪው ውጤት የሚሆኑ ይመስለዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛዋ ቁጥር የተማሪው ነጥብ ውስጥ አትገባም። ሥራዋ ሌላ ነው፣ የጣቢያውን፣ ማለትም ተማሪው የሚፈተንበትን የእያንዳንዱን ክፍል፣ የማለፊያ ነጥብ ማውጣትና ወረቀቱ ራሱ ደህና መሆኑን መመርመር። ተማሪን ብቻ ሳይሆን ወረቀትንም ትፈትናለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ፈታኝ ስለሚደናገር በአንድ ጣቢያ ላይ ቁጭ ብለን እንየው።

ይህ ኦስኪ የሚባለው የክሊኒክ ክህሎት ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ ስኮትላንድ፣ ደንዲ ውስጥ ካስተዋወቁት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አፈታተን ትልቅ ችግሩ ዕድል ነበር። አንዱ ተማሪ ቀላል በሽተኛና ደግ ፈታኝ ይደርሰዋል፣ ሌላው ከባድ በሽተኛና ኮስታራ ፈታኝ። ኦስኪ ሁሉንም ተማሪ በተመሳሳይ ጣቢያዎች፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ፣ በተመሳሳይ ወረቀት ያሳልፋል። ቼክሊስቱም የዚያው ፍላጎት ልጅ ነው። «ጠየቀ ወይስ አልጠየቀም?» ለሚል ጥያቄ ደግም ኮስታራም ፈታኝ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል ተብሎ ነው።

እንግዲህ ወደ ጣቢያችን። 8 ደቂቃ። በር ላይ የተለጠፈው ትእዛዝ «የ58 ዓመት ሰው ነው፣ ከሁለት ሰዓት በፊት የጀመረው የደረት ሕመም ይዞት ድንገተኛ ክፍል መጥቷል፣ ሂስትሪ ውሰድ» ይላል። ታካሚ ሆኖ የሚተውነው ሰው ታሪኩን በቃሉ አጥንቷል። ሕመሙ እንደ ድንጋይ ይጫነዋል፣ ወደ ግራ ክንዱ ይሄዳል፣ ያልበዋል። ሳይጠየቅ የማይናገረው አንድ ነገርም አለ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ደረጃ ሲወጣ ሕመሙ ይመጣበት ነበር፣ ከቀን ወደ ቀንም እየቀረበ ሄዷል፣ አሁን ከአልጋ ሲነሳም ይይዘዋል። ሌላም ነገር ተሰጥቶታል፣ እንዲህ ጣል የሚያደርጋት፦ «ወንድሜም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

ወረቀቱ 20 ሳጥን አለው፣ እያንዳንዱ 1 ነጥብ። ሁለቱ ራስን ማስተዋወቅና የታካሚውን ማንነት ማረጋገጥ ናቸው። ስምንቱ ስለ ሕመሙ ናቸው፦ ቦታው፣ አጀማመሩ፣ ዓይነቱ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ አብሮት የሚመጣው ምልክት፣ ይመላለሳል ወይስ ይቆያል፣ ምን ያብሰዋል ወይም ያቀለዋል፣ ከ10 ስንት ይሆናል። አራቱ ስለ ነባር በሽታ ናቸው፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የቀድሞ የልብ ሕመም። ከዚያ ሲጋራ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ አለርጂ፣ ታካሚውን የሚያስጨንቀው ነገር፣ በመጨረሻም ማጠቃለያ። አለቀ። በየቦታው የምታገኘው ዓይነት ወረቀት ነው፣ ሲያዩት ምንም አይወጣለትም።

የመጀመሪያው ተማሪ ገባ። ስሙን ተናገረ፣ የታካሚውን ስምና ዕድሜ አረጋገጠ፣ ከዚያ እንደ መትረየስ ጀመረ። የት ነው የሚያምህ? መቼ ጀመረ? ምን ዓይነት ነው? ወዴት ይሄዳል? ታካሚው «ያልበኛል» ሲለው «እሺ፣ ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?» አለ። ታካሚው «ወንድሜም እንዲሁ ነው የጀመረው» ሲል «እሺ፣ ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብሎ አለፈ። የቤተሰብ ታሪክን በኋላ በተራው ጠየቀ፣ ያቺን ቃል ግን ሰምቷት አልነበረም። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰና ጸጥ ብሎ ቆመ። የቀድሞ የልብ ሕመምን አልጠየቀም፣ ሰውየውን ምን እንደሚያስጨንቀው አልጠየቀም፣ አላጠቃለለም። ከ20 ሦስት ጎደለው። 17።

ሁለተኛዋ ገባች። ራሷን አስተዋወቀች፣ ማንነቱን ማረጋገጥ ረሳች። «እስቲ ምን እንደሆነ ንገረኝ» አለችና ዝም ብላ አዳመጠች፤ ይህ ብቻ አንድ ደቂቃ ከምናምን ፈጀ። «ደረጃ ስትወጣስ?» ስትለው የሦስት ሳምንቱ ታሪክ ዝርግፍ ብሎ ወጣ። ቀጥላ «ሕመሙ ወደ ጀርባህ ይሄዳል? እንደ መቅደድ ነው?» አለች፣ የትልቁን ደም ሥር መሰንጠቅ ፈርታ ነው። «ከሰሞኑ ረጅም ጉዞ ነበረህ? እግርህ አብጧል?» አለች፣ ይህን ደግሞ ሳንባ ውስጥ የተወተፈ የደም ርጋት እንዳይሆን ብላ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ወረቀቱ ላይ አንዲት ሳጥን የለችም! ወንድሙን ሲያነሳ ቆም ብላ «ምን ሆነ?» አለችው፣ የቤተሰቡም ታሪክ፣ የሰውየውም ፍርሃት አንድ ላይ ወጣ። ጥርት አድርጋ አጠቃለለች። ግን የሕመሙን ቁጥር ከ10 አልጠየቀችም፣ ይመላለሳል ወይስ ይቆያል አላለችም፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና አለርጂ ቀሩ። ከማንነቱ ጋር ሰባት። 13።

ልጅቷ ፍጹም ናት እያልኩ አይደለም። ደረቱን ያመመውን ሰው ሲጋራ አለመጠየቅ ጉድለት ነው። ጥቂት ቆይቶ አስፕሪን ሊሰጠው የሚችል ሰው ላይ አለርጂ መርሳትም ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ፈታኙ 5 ሳይሆን 4 የሰጣት። ለመጀመሪያው ልጅ ግን 2 ነው የሰጠው፣ «ድንበር ላይ»።

መለኪያዋ እንዲህ ናት፦ 1 በግልጽ ወድቋል፣ 2 ድንበር ላይ ነው፣ 3 ብቁ ነው፣ 4 ጥሩ፣ 5 እጅግ ጥሩ። 2 ቁጥር «ትንሽ ደከም ያለ» ማለት እንዳልሆነ ልብ በል። «እንጃ፣ ይለፍ ወይ ይውደቅ መወሰን አቃተኝ» ማለት ነው። ይህን ፈታኞች በደንብ ካልተነገራቸው ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርሳለን። ሌላው መነገር ያለበት ከማን ጋር እንደምታወዳድር ነው። የሚወዳደረው ሊመረቅ ከደረሰ፣ ነገ ተረኛ ሆኖ ከሚቆም ተማሪ ጋር እንጂ ከ15 ዓመት ስፔሻሊስት ጋር አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ፈታኝ የሆንኩ ቀን ማንም ይህን አልነገረኝም ነበርና ጠዋቱን ሙሉ ሁሉንም ከአስተማሪዎቼ ጋር እያወዳደርኩ 2 ስዘራ ዋልኩ።

አሁን ነገሩ ይኸውልህ። ቼክሊስቱ ለምን ተሳሳተ? በሐቀኝነት ከተነሳን አልተሳሳተም። የተጠየቀውን ቆጠረ። ችግሩ ቆጠራው ብልሃትን ሳይሆን ብዛትን መሸለሙ ነው። ጀማሪ የሆነ ሰው ምኑ ጠቃሚ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ይጠይቃል። የበሰለ ሐኪም ግን ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ሁለት ሦስት በሽታ ይጠረጥርና እነሱን የሚለዩትን ጥያቄዎች ብቻ መርጦ ይሄዳል። አቋራጭ ነው የሚሄደው፣ አቋራጩ ላይ ደግሞ ሳጥን የለም። በካናዳ ተማሪዎችን፣ በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችንና ልምድ ያላቸውን ሐኪሞች አወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። በቼክሊስቱ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ከተማሪዎቹ ያነሰ አመጡ፣ በአጠቃላይ ግምገማው ግን በለጧቸው። አዋቂውን ከጀማሪው በታች የሚያስቀምጥ ሚዛን ይዘህ ስትገኝ መቼም ሚዛኑን መጠርጠር አለብህ።

«እንግዲያውስ ቼክሊስቱን ጥለን በሆዳችን እንስጥ» የሚል ሰው ይኖራል፣ ሁሌም አለ። ሆድ ግን የራሱ ጉድ አለው። ጥሩ አነጋገር ያለው፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ልብሱ የተተኮሰ ልጅ እጁን ሳይታጠብ እንኳ «ጥሩ ነው» ሊባል ይችላል። እንደ እጅ መታጠብ፣ የታካሚን ማንነት ማረጋገጥ ወይም መርፌን በሳጥኑ መጣል ላሉ ተደረገ ወይስ አልተደረገም ለሚባሉ ነገሮች ከቼክሊስት የሚበልጥ የለም። የሒደት ሥራ በሆኑ ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ ካቴተር ማስገባት ወይም ደም መቅዳት ላይ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ብዙም ሲጣሉ አታይም። ጠቡ የሚብሰው ማሰብና ማዳመጥ ባለበት ጣቢያ ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ትይዛለህ። እንዴት አብረው እንደሚሠሩ ለማየት ያው ጣቢያ ላይ 10 ተማሪዎች ገቡ እንበል። እውነተኛ ፈተና ላይ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል፣ ለማየት እንዲያመች ነው 10 ያደረግሁት። 1 የተባለው ልጅ ቼክሊስት ላይ 8 አመጣ። 2 የተባሉት ሦስቱ 10፣ 11 እና 17 (17ቱ መትረየሱ ልጅ ነው)። 3 የተባሉት 12 እና 14። 4 የተባሉት 13፣ 15 እና 16 (13ቷ አድማጯ ናት)። 5 የተባለችው 19።

አሁን ወረቀት አውጣና በአግድም ግምገማውን፣ በቁም የቼክሊስቱን ነጥብ አድርገህ አሥር ነጥቦች አስቀምጥ። በመሃላቸው ለሁሉም የሚቀርበውን ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ይህ ሪግሬሽን የሚባለው ነው፣ ማንኛውም የስሌት ሰንጠረዥ በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል። በእኛ ቁጥሮች መስመሩ ይህ ይሆናል፦

```
y = 7.5 + 2x
```

y የቼክሊስት ነጥብ ነው፣ x ደግሞ የፈታኙ ግምገማ። በግምገማ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ተማሪ በአማካይ በቼክሊስት 2 ነጥብ ይበልጣል ማለት ነው። የማለፊያው ነጥብ የት ነው? ፈታኞቹ «እንጃ» ያሉበት ቦታ ላይ። x በ2 ይተካ፦ 7.5 + 4 = 11.5። የዚህ ጣቢያ ማለፊያ 11.5 ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም በልና የሆነውን አስብ። ማንም ሰው ከፈተናው በፊት ተቀምጦ «ማለፊያው 50 በመቶ ነው» አላለም። 50 በመቶ ከየት መጣ ብትለው የሚመልስልህ የለም፣ ከልማድ ነው የመጣው። ከባድ ጣቢያም ቀላል ጣቢያም ላይ አንድ ዓይነት ማለፊያ መለጠፍ ደግሞ ግልጽ በደል ነው። በዚህ ዘዴ ግን ጣቢያው ከባድ ከሆነ ነጥቦቹ ሁሉ ዝቅ ይላሉ፣ መስመሩም አብሮ ይወርዳል፣ ማለፊያውም እንዲሁ። በስሙ የድንበር ሪግሬሽን ይሉታል፣ ፈታኞች ሲያወሩ ቦርደርላይን ሪግሬሽን ነው የሚሉት።

ለምን መስመር ያስፈልጋል፣ 2 የተባሉትን ሦስት ልጆች ነጥብ ብቻ ወስደን አማካዩን ብናወጣስ? ይቻላል፣ የቆየው ዘዴም እሱ ነበር። እንሞክረው፦ 10፣ 11 እና 17 ሲደመሩ 38፣ ለሦስት 12.7 ገደማ። አየህ፣ በአንድ መትረየስ ልጅ ምክንያት ማለፊያው ከ12 በላይ ተተኮሰ። መስመሩ ሁሉንም ተማሪ ስለሚጠቀም እንዲህ በአንድ ሰው በቀላሉ አይወዛወዝም። በቀላሉ አልኩ እንጂ ጨርሶ አላልኩም።

አሁን ውጤቱን እንይ። መትረየሱ ልጅ በ17 ዘና ብሎ አለፈ። አድማጯ በ13 አለፈች፣ ግን ከእሱ በታች ሆና። ፈታኙ የሰጠው 2 የመትረየሱን ነጥብ ስንዝር አልነካውም፣ ምክንያቱም ግምገማዋ በግለሰቡ ነጥብ ውስጥ አትገባም። በዚህ የሚናደዱ ፈታኞች አሉ። «ታዲያ ለምን አስጻፋችሁኝ?» ይላሉ። መልሱ በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ተኝቷል። 11 ያመጣውን ልጅ ተመልከት። በ11.5 ወድቋል፣ በግማሽ ነጥብ።

እስቲ መትረየሱን ከሰንጠረዡ አውጥተን በቀሩት ዘጠኝ ተማሪዎች መስመሩን እንደገና እናስምር። ማለፊያው ከ11.5 ወደ 10.4 ገደማ ይወርዳል። 11 ያመጣው ልጅ ያልፋል። እንግዲህ ይህ ልጅ የወደቀው በራሱ ድክመት ብቻ አይደለም። ወረቀቱ ለአንድ ሌላ ተማሪ ያልተገባ ነጥብ በመስጠቱ «እንጃ» የሚለው ደረጃ ዋጋው ከፍ ብሎበት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ምናልባት በተለያየ ቀን ነው የተፈተኑት። የቼክሊስት ስህተት አንዱን ሲያነሳ በዚያው እጁ ሌላውን ይጥላል። (በ200 ተማሪ መሃል አንድ ሰው መስመሩን ይህን ያህል አይጎትትም። ተማሪው ጥቂት የሆነበት ትምህርት ቤት ግን ይህን ዘዴ ሲጠቀም እጁ ሊንቀጠቀጥ ይገባል።)

ይህን ከፈተና በኋላ የሚያሳይህ ቁጥር አለ፣ R² ይባላል። ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚስማሙ ከ0 እስከ 1 ይናገራል። በአሥሩ ተማሪዎች 0.55 ነው፣ መትረየሱን ስናወጣው 0.89። ብዙውን ጊዜ ከ0.5 በላይ ከሆነ ጣቢያው ደህና ነው ይባላል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወረቀቱን አንሥተህ አንብበው። ቼክሊስቱ አንድ ነገር እየለካ፣ ፈታኞቹ ሌላ ነገር እያዩ ሊሆን ይችላል። ወይም ፈታኞቹ እርስ በእርስ ስለ «ብቁ» ያላቸው ሐሳብ ለየቅል ነው። ቁጥሩ ራሱ የቱ እንደሆነ አይነግርህም፣ የትኛው ጣቢያ ላይ መፈለግ እንዳለብህ ብቻ ነው የሚጠቁምህ።

የሚገርመው በጣም ከፍ ያለ R²ም መጠርጠር አለበት። 0.97 ስታይ አትደሰት። ብዙ ጊዜ የሆነው ይህ ነው፦ ፈታኙ ሳጥኖቹን ደምሮ «16፣ እንግዲያው 4 ልስጠው» ብሏል። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ጥላ ሆነ ማለት ነው። ጥላ ደግሞ ምስክር አይሆንም። እኔ በአንድ ፈተና ላይ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ፈታኝ ሰነፍ አልነበረም፣ እንዲያውም በጣም ጠንቃቃ ሰው ነው፤ «ሁለቱ ካልተስማሙ የተሳሳትኩ መሰለኝ» ነበር ያለኝ። ማንም አለመስማማታቸው ራሱ የሚፈለግ መረጃ መሆኑን አልነገረውም።

በግልባጩም ይሆናል። ፈታኙ በመጀመሪያው ደቂቃ ልጁን ይወድና ያልሰማውን ጥያቄ ሁሉ «ጠይቋል መሰለኝ» እያለ ሳጥን ይሞላል። ይህኛው ከወረቀቱ ላይ አይታይም፣ የሚታየው ሁለተኛ ሰው አብሮ ሲቀመጥ ወይም ቪዲዮ ሲኖር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተል ነው። ተማሪው እየሠራ ሳለ ሳጥኖቹን ትሞላለህ። ደወሉ ሲደወል፣ ምንም ሳትደምር፣ ቀና ብለህ ግምገማዋን ትጽፋለህ። መደመሩን ሌላ ሰው ወይም ማሽኑ ይሥራው። በታብሌት የሚፈተን ከሆነ ድምሩ ለፈታኙ እንዳይታይ አድርጎ ማዘጋጀት ነው። ከፈተናው በፊት ደግሞ ፈታኞቹ አንድ ሁለት ቪዲዮ አብረው አይተው ለየብቻ ቁጥር ይስጡና ይከራከሩ። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። አንዱ 2 ያለውን ሌላው 4 ሲለው ማየት በራሱ ብዙ ያስተምራል።

አሁን ወደ መትረየሱ ልጅ እንመለስ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነው። ይጣል? አይጣልም። በተነገረው ደንብ ተፈትኖ አልፏል፣ ከፈተና በኋላ ደንብ አይቀየርም። ደግሞም አንድ ጣቢያ ማንንም አይፈርድም። ኦስኪ ብዙ ጣቢያ የኖረው አንዱ ላይ የታየው በሌላው እንዲጣራ ነው፣ አለማዳመጥ ልማዱ ከሆነ ክፉ ዜና በሚነገርበት ጣቢያ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም። 11 ያመጣውን ልጅ ግን የፈተናው ኮሚቴ ከመፈረሙ በፊት ሊያየው ይገባል። ማለፊያው የተጎተተበት ምክንያት እየታወቀ በግማሽ ነጥብ መጣል ማስረጃ አይደለም፣ የሒሳብ አጋጣሚ ነው።

የሚቀየረው ወረቀቱ ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት። ስምንቱን የሕመም ሳጥኖች አፍርሰን ከ0 እስከ 6 የሆነ አንድ መስመር አደረግናቸው እንበል። 6 ማለት ሕመሙን በታካሚው ቃል አስነግሮ ሙሉ ምስሉን ማውጣት ነው፣ 3 ማለት ጥያቄዎቹን ጠይቆ መልሱን አለመከተል ነው፣ 0 ማለት ጨርሶ አለመጠየቅ። ከ0 እስከ 5 የሆነ አዲስ መስመር ጨመርን፦ የሰማውን ይዞ መከተልና ሌሎቹን አደገኛ በሽታዎች መለየት። የአደጋ ምክንያቶቹ ሁሉ ተሰብስበው 3፣ መድኃኒትና አለርጂ 2፣ ሰላምታና ማንነት 1፣ የታካሚው ጭንቀት 1፣ ማጠቃለያ 2። ድምሩ አሁንም 20 ነው።

ያንኑ የሁለቱን ሥራ በዚህ ወረቀት እንየው። መትረየሱ፦ ሕመም 3፣ መከተል 1፣ የአደጋ ምክንያት 2፣ መድኃኒትና አለርጂ 2፣ ማንነት 1፣ ጭንቀት 0፣ ማጠቃለያ 0። 9 አመጣ። አድማጯ፦ ሕመም 5፣ መከተል 4፣ የአደጋ ምክንያት 1፣ መድኃኒትና አለርጂ 1፣ ማንነት 0፣ ጭንቀት 1፣ ማጠቃለያ 2። 14። አለርጂዋንና ሲጋራዋን አሁንም ከፍላባቸዋለች፣ እሱም ለጠየቀው ተከፍሎታል። ግን ቅደም ተከተላቸው ፈታኙ በዓይኑ ካየው ጋር ገጠመ።

ይህ ወረቀት የራሱ ዋጋ አለው። «ጠየቀ ወይስ አልጠየቀም» ላይ ሁለት ሰው አይጣላም፣ «የሕመሙን ምስል ከ6 ስንት አወጣ» ላይ ግን ይጣላል። ስለዚህ የ6፣ የ3 እና የ0 ትርጉም በወረቀቱ ላይ በአጭሩ መጻፍ አለበት፣ «በአግባቡ ጠይቋል» ዓይነት ቃል ደግሞ መጥፋት አለበት፣ አግባቡ የማን እንደሆነ አይታወቅማ። ጠቅላላ ሳጥኖችን ማጥፋትም አያስፈልግም፣ ማንነትን ማረጋገጥና አለርጂ ሳጥን ሆነው ቢቀሩ ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት ፈተናው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታየው የዚህ ጣቢያ R² ነው። ከ0.55 ከፍ ካለ አዲሱ ወረቀት ፈታኞቹ የሚያዩትን ነገር ማየት ጀምሯል፤ ወደ 0.97 ከተጠጋ ደግሞ ማን በድብቅ እየደመረ እንደሆነ መጠየቅ ነው።